ለቻትጂፒቲ የላኩትን ፎቶ መሰረዝ፦ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል እና ስረዛው የማይደርስበት ቦታ

የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ውጤቱን ወይም የልጁን ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ከላከ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይ እዚያው ውይይት ውስጥ «ፎቶውን አጥፋልኝ» ብሎ ይጽፋል፣ ወይም ውይይቱን ሰርዞ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ምንም ውጤት የለውም። ፕሮግራሙ «እሺ፣ አጥፍቻለሁ» ብሎ ቢመልስ እንኳ ያ የተጻፈ መልስ ብቻ ነው፤ ፋይሉ በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም። ሁለተኛው ትክክለኛ እርምጃ ቢሆንም ብቻውን ሲወሰድ ወይም ከተራው ቀድሞ ሲወሰድ ጎደሎ ሥራ ይሆናል።

ይህ መመሪያ አንድ ጉዳይ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፦ አንድ ሰው ቅጽ ለመሙላት እንዲያግዘው ፎቶ ያለበትን የፓስፖርቱን ገጽ በግል የቻትጂፒቲ አካውንቱ ልኳል፤ አሁን እንዲጠፋ ይፈልጋል። የጉግልን ጀሚናይ ለሚጠቀሙ ልዩነቱ በኋላ በራሱ ርዕስ ተጽፏል።

## መጀመሪያ ሦስቱን ጥያቄዎች ይለዩ

«ፎቶዬ ይቀመጣል ወይ?»፣ «ሞዴሉን ለማሻሻል ይውላል ወይ?» እና «ማጥፋት እችላለሁ ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ የሚቆጣጠሯቸውም የተለያዩ ቁልፎች ናቸው።

ፎቶው ይቀመጣል። በግል አካውንት የላኩት ምስል የውይይቱ አካል ሆኖ ውይይቱ እስካለ ድረስ ይቆያል። ለማሻሻያ፣ ማለትም ሞዴሉን ለማሠልጠን፣ መዋሉ ግን በአካውንቱ ዓይነት እና በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይወሰናል። በነጻውም ሆነ በሚከፈልበት የግል አካውንት ይህ ቁልፍ እርስዎ ካልነኩት በስተቀር ክፍት ነው፤ ስለዚህ ክፍያ መፈጸምዎ ብቻውን ፎቶዎን ከሥልጠና አያስወጣውም። ለድርጅቶች በሚሸጡት አካውንቶች ላይ በተቃራኒው የተጠቃሚው ይዘት፣ ድርጅቱ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ለሥልጠና አይውልም።

ሦስተኛው ጥያቄ ጥንቃቄ ይሻል። የተቀመጠው ቅጂ ይጠፋል፤ ለሥልጠና ገብቶ ያለቀ ምስል ግን በስረዛ አይመለስም። ሞዴል ሲሠለጥን ፎቶው በውስጡ እንደ ፋይል አይቀመጥም፤ ከፎቶው የተወሰደው ትምህርት በቢሊዮኖች በሚቆጠሩ ቁጥሮች ላይ ጥቃቅን ለውጥ አድርጎ ያልፋል። ተፈልጎ የሚነቀል አንድ ቦታ ስለሌለ የስረዛው ቁልፍ ወደዚያ አይደርስም። የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ፎቶው በየት በኩል እንደሄደ ያረጋግጡ። ብዙ ሰው «ቻትጂፒቲ» እያለ የሚጠቀመው የአገልግሎቱን ባለቤት የኦፕንኤአይ ኩባንያን መተግበሪያ ሳይሆን የቴሌግራም ቦት፣ የስልክ ኪቦርድ ወይም ስሙን አስመስሎ የወጣ ሌላ መተግበሪያ ነው። እንዲህ ከሆነ ፎቶዎ መጀመሪያ የደረሰው መካከለኛው ሰው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁልፎች በእርሱ ላይ ሥልጣን የላቸውም። መለያው ቀላል ነው። በኮምፒዩተር አሳሽ `chatgpt.com` ላይ በራስዎ አካውንት ገብተው ፎቶውን የላኩበትን ውይይት በዝርዝሩ ውስጥ ካገኙት፣ ፎቶው ያለው በኩባንያው አካውንትዎ ውስጥ ነው። ካላገኙት ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የሚያመለክቱት ለዚያ መተግበሪያ ባለቤት ነው። በቴሌግራም ቦት የላኩትን መልእክት ከውይይቱ መሰረዝ ቦቱ አውርዶ ያስቀመጠውን ቅጂ አያጠፋም።

የሚፈልጉትን መልስ ይገልብጡ። ውይይቱ አንዴ ከተሰረዘ መልሶ ማምጣት አይቻልም። የቅጹን ማብራሪያ ከፈለጉት ወደ ሌላ ፋይል ይውሰዱት።

በፎቶው ላይ የሚቀየር ምስጢር ካለ አስቀድመው ይቀይሩት። የይለፍ ቃል፣ የአካውንት ማስመለሻ ኮድ ወይም የባንክ ካርድ ቁጥር በምስሉ ላይ ከታየ ሥራዎን በስረዛ አይጀምሩ። የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ካርዱን እንዲተካልዎ ባንኩን ይጠይቁ። ስረዛው እስኪጠናቀቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ምስጢሩን መቀየር ግን ፎቶውን የያዘ ማንም ቢኖር እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። በእኛ ጉዳይ ያለው ፓስፖርት እንዲህ በቀላሉ የሚቀየር ስላልሆነ በቀጥታ ወደ ሥራው እንገባለን።

## ደረጃ 1፦ ለሥልጠና የሚያውለውን ቁልፍ ይዝጉ

1. በስምዎ ወይም በፎቶዎ ላይ ተጭነው «Settings» የሚለውን ይክፈቱ።
2. «Data controls» ውስጥ ይግቡ።
3. «Improve the model for everyone» የሚለውን ይዝጉ።
4. ገጹን ዘግተው እንደገና ይክፈቱና ቁልፉ ተዘግቶ መቆየቱን ይመልከቱ።

ይህ ቁልፍ የሚሠራው ከተዘጋበት ጊዜ በኋላ ለሚጀመሩ ውይይቶች ነው። ፓስፖርቱ የተላከው ቁልፉ ክፍት ሳለ ከሆነ፣ ቁልፉን መዝጋት ያንን ያለፈ ውይይት ወደኋላ ተመልሶ አይጠብቅም። ስለዚህ ደረጃ 1ን ፈጽመው ወደ ደረጃ 3 ለመድረስ ቀናት አይቆዩ፤ በአንድ ጊዜ ይጨርሱት።

ማስጠንቀቂያ። ከመልሱ ሥር ያሉትን ወደ ላይ እና ወደ ታች የተቀሰሩ የአውራ ጣት ምልክቶች አይጫኑ። አስተያየት የተሰጠበት መልስ ያለበት ውይይት በሙሉ፣ የሥልጠና ቁልፉ ቢዘጋም እንኳ፣ ለማሻሻያ ሊወሰድ ይችላል። የፓስፖርት ምስል ያለበትን ውይይት «ጥሩ መልስ ነው» ብሎ ማመስገን ሰውየው የዘጋውን በር በገዛ እጁ መክፈት ነው።

ቁልፉ ካልታየዎት አካውንቱ የመሥሪያ ቤትዎ ወይም የትምህርት ቤትዎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው አካውንት ይህን የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው፤ ውይይቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚወስነውም እርሱ ስለሆነ ጥያቄዎን ለእርሱ ያቅርቡ።

## ደረጃ 2፦ ከውይይቱ ውጭ የቀሩትን ቅሪቶች ያጽዱ

ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ነው። ውይይቱ ከመሰረዙ በፊት ሦስት ቦታዎችን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው ማስታወሻ ነው። «Settings» ውስጥ «Personalization» ሥር ፕሮግራሙ ስለ እርስዎ የያዛቸው ማስታወሻዎች ዝርዝር ይገኛል። ፓስፖርቱን ሲያነብ ሙሉ ስምዎን፣ የልደት ቀንዎን ወይም ሊጓዙበት ያሰቡትን አገር መዝግቦ ሊሆን ይችላል። ውይይቱን መሰረዝ እነዚህን የተመዘገቡ ማስታወሻዎች አይሰርዝም፤ አንድ በአንድ አንብበው ከፎቶው የተወሰደውን ሁሉ ከዝርዝሩ ይሰርዙ። ፎቶውን ሰርዞ ከሳምንት በኋላ ፕሮግራሙ የልደት ቀኑን ሲጠቅስለት የሚደነግጥ ሰው ምክንያቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው።

ሁለተኛው የተጋራ ሊንክ ነው። ውይይቱን ለሌላ ሰው በሊንክ ልከው ከነበረ በ«Data controls» ውስጥ «Shared links» የሚለውን ከፍተው ሊንኩን ይሰርዙ። ሊንኩን የተቀበለው ሰው ውይይቱን ወደ ራሱ አካውንት አስገብቶት ከሆነ የእርሱ ቅጂ በእርስዎ ስረዛ አይነካም፤ እንዲሰርዘው በቀጥታ ይጠይቁት።

ሦስተኛው ፕሮጀክት ነው። ፎቶውን በውይይት ውስጥ ሳይሆን በአንድ ፕሮጀክት ፋይሎች ውስጥ አስገብተውት ከሆነ ውይይቱ ቢጠፋም ፋይሉ በፕሮጀክቱ ውስጥ ይቀራል። ፕሮጀክቱን ከፍተው ፋይሉን ከዚያ ያስወግዱ። በአካውንትዎ ላይ የላኳቸውን ምስሎችና ፋይሎች የሚሰበስብ ሌላ ገጽ ከታየዎትም እርሱንም ይፈትሹ።

## ደረጃ 3፦ ውይይቱን ይሰርዙ

1. በውይይቶች ዝርዝር ውስጥ ፓስፖርቱ ያለበትን ይፈልጉ። ርዕሱ የሚሰጠው በራሱ በፕሮግራሙ ስለሆነ እርስዎ በማያስታውሱት ስም ሊቀመጥ ይችላል፤ በመፈለጊያው ሳጥን «passport» ወይም የጠየቁበትን ቃል ይሞክሩ።
2. ውይይቱን ከፍተው ፎቶው በእርግጥ እዚያ መኖሩን ይመልከቱ።
3. ከስሙ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ።
4. «Delete» የሚለውን ይምረጡና ያረጋግጡ።
5. ያንኑ ፎቶ በሌላ ውይይት ደግመው ልከው እንደሆነ ያስቡ። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ አዲስ ውይይት የከፈተ ሰው ሁለት ቅጂ አለው።
6. የሰረዙበትን ቀን ይጻፉ።

«Archive» ከ«Delete» አጠገብ ይገኛል፤ ሥራው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ውይይቱን ከዓይንዎ ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ከዚህ በፊት ይህን ተጭነው ከነበረ «Data controls» ውስጥ «Archived chats» ከፍተው ከዚያ ይሰርዙት።

ስረዛውን ካረጋገጡ በኋላ ውይይቱ ከዓይንዎ ወዲያው ይጠፋል፤ ከኩባንያው ሰርቨሮች እስኪወገድ ግን እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። ቀኑን መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ኩባንያው ለደኅንነት ወይም ለሕግ ግዴታ ማቆየት ሲኖርበት ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ ከማንነትዎ ጋር ያለው ግንኙነት ቀደም ሲል የተቋረጠ ቅጂም ከዚህ ስረዛ ውጭ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሁኔታ አይደለም። በ2025 በኒው ዮርክ ታይምስ ክስ ምክንያት አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኦፕንኤአይ ተጠቃሚዎች የሰረዟቸውን ውይይቶች ጭምር እንዲያቆይ አዝዞ ነበር። ግዴታው የቆመው በዚያው ዓመት መስከረም ወር መጨረሻ ላይ ነው። በእነዚያ ወራት «Delete» የተጫነ ተጠቃሚ የተለመደው የ30 ቀን ገደብ ላይሠራለት ይችል ነበር።

## ደረጃ 4፦ መሰረዙን ያረጋግጡ

በስልክ ላይ የተጫነው መተግበሪያ የቆየ ዝርዝር ይዞ ሊያሳይዎ ስለሚችል ማረጋገጫውን በሌላ መሣሪያ ወይም በአሳሽ ያድርጉ። ውይይቱ በዚያም ከታየ ከአካውንቱ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ አሁንም ካለ ስረዛው አልተፈጸመም ማለት ነውና ደረጃ 3ን ይድገሙ።

ጠለቅ ያለ ማረጋገጫ ከፈለጉ በ«Data controls» ውስጥ «Export data» የሚለውን ይጠይቁ። ኩባንያው በኢሜይል የሚልከው ሊንክ በ24 ሰዓት ውስጥ ጊዜው ስለሚያልፍ በጊዜው ያውርዱት። በተጨመቀው ፋይል ውስጥ `chat.html` የሚባል ገጽ አለ፤ እርሱን ከፍተው የፓስፖርቱን ውይይት ይፈልጉ። የዚህ ማረጋገጫ ወሰን ግልጽ ይሁን፦ የሚያሳየው አካውንትዎ አሁን የያዘውን ነው፤ በስረዛ ሂደት ላይ ያለውን የሰርቨር ቅጂ አያሳይም። ደግሞም የወረደው ፋይል የቀሩ ውይይቶችዎን ሁሉ የያዘ አዲስ ቅጂ ስለሆነ ፈትሸው ሲጨርሱ ከኮምፒዩተርዎ ያጥፉት።

ፕሮግራሙን «የፓስፖርቴን ፎቶ ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ ማረጋገጫ አይሆንም። ስለ ኩባንያው ሰርቨሮች የሚያየው ነገር የለም፤ «የለኝም» ማለቱም «አለኝ» ማለቱም እኩል ዋጋ የለውም።

## ደረጃ 5፦ አካውንቱ ውስጥ መግባት ካልቻሉ

የድሮ ኢሜይል ጠፍቶ ወይም አካውንቱ ታግዶ ቁልፎቹን መድረስ ያልቻለ ሰው ጥያቄውን በ`privacy.openai.com` በጽሑፍ ያቀርባል። በዚያ ገጽ ይዘትዎ ለሥልጠና እንዳይውል መጠየቅም፣ አካውንቱ እንዲሰረዝ መጠየቅም ይቻላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ የሚፈልጉትን ለይተው ይምረጡ። ሲጽፉ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይል ወይም ስልክ፣ ፎቶው የተላከበትን ቀን እና የሚፈልጉትን ነገር በግልጽ ያስቀምጡ። ፎቶውን ራሱን እንደ ማስረጃ አያያይዙ።

በአውሮፓ ኅብረት የሚኖር ሰው በመረጃ ጥበቃ ደንቡ አንቀጽ 17 መሠረት ስረዛ የመጠየቅ መብት አለው፤ ኩባንያውም በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር ሊጨምር ይችላል። በሌላ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች በየአገራቸው ሕግ ይጠይቃሉ።

## ጀሚናይን ለሚጠቀሙ፦ ሁለት ልዩነቶች

በጀሚናይ የማስቀመጡና የማሻሻሉ ቁልፍ በ`myactivity.google.com/product/gemini` ይገኛል። ክፍት ከሆነ ውይይቶች፣ እርስዎ ጊዜውን ካልቀየሩት፣ ከ18 ወር በኋላ በራሳቸው ይሰረዛሉ፤ ወደ 3 ወር ማሳጠር ወይም ወደ 36 ወር ማስረዘም ይቻላል። ቢዘጉትም ጉግል አገልግሎቱን ለመስጠትና ለደኅንነት ሲል ውይይቱን እስከ 72 ሰዓት ያቆየዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ይበልጥ ያሳስበኛል። ከውይይቶቹ የተወሰኑት በሰዎች ይነበባሉ። ለዚህ የተመረጠ ውይይት ከአካውንትዎ ተነጥሎ እስከ 3 ዓመት ይቀመጣል፤ እርስዎ ታሪክዎን ሲሰርዙም አብሮ አይሰረዝም። ከአካውንት መነጠሉ ለተራ ጽሑፍ ጥበቃ ሊሆን ይችላል፤ ለፓስፖርት ምስል ግን ስምና ፊት በምስሉ ላይ ስላሉ የሚጠብቀው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ በጀሚናይ ቁልፉን ፎቶ ከመላክዎ በፊት መዝጋት ያስፈልጋል።

## በሚቀጥለው ጊዜ ከመላክዎ በፊት

የማይቀር ሆኖ ፎቶ መላክ ካለብዎት፦

1. አገልግሎቱ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጠው ያስቀሩ። ቅጹ የትኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ለማወቅ የባዶ ቅጹ ፎቶ ይበቃል፤ ፓስፖርቱ ጨርሶ አያስፈልግም ነበር።
2. የሚቀረውን ስምና ቁጥር ምንም በማያሳልፍ ጥቁር ሳጥን ይሸፍኑ። የስልኩን የማድመቂያ ብዕር አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ስለሚያሳልፍ ብርሃን ሲጨመርበት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሊነበብ ይችላል።
3. ያስተካከሉትን ምስል በስክሪኑ ላይ ከፍተው ስክሪንሾት ያንሡና ስክሪንሾቱን ብቻ ይላኩ። በ2023 በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ የተቆረጠው የስክሪንሾት ክፍል ከፋይሉ ውስጥ ተመልሶ ሊወጣ የሚችልበት ጉድለት ተገኝቶ ነበር፤ አዲስ ስክሪንሾት ከአሮጌው ፋይል ምንም ስለማይወርስ ከእንዲህ ያለ ችግር ያድናል።
4. በስልክ ካሜራ የተነሣ ፋይል ፎቶው የተነሣበትን ሰዓት፣ የስልኩን ዓይነትና ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ቦታ በውስጡ ይዟል። ዋናውን ፋይል መላክ ካስፈለገ በኮምፒዩተር የትእዛዝ መስኮት ላይ ኤግዚፍቱል በሚባለው ፕሮግራም ያጽዱት። የመጀመሪያው መስመር የቦታ መረጃ መኖሩን ያሳያል፤ ሁለተኛው ሁሉንም ያጠፋል፦

```
exiftool -gps:all photo.jpg
exiftool -all= photo.jpg
```

ኤግዚፍቱል ያልጸዳውን ዋና ፋይል `photo.jpg_original` በሚል ስም አጠገቡ ስለሚያስቀምጥ ሲልኩ እንዳይሳሳቱ። የመጀመሪያውን መስመር እንደገና ሲያስኬዱ ምንም ካልወጣ ጽዳቱ ተፈጽሟል።

5. በቻትጂፒቲ «Temporary chat» የሚለውን ከፍተው ይላኩ። በዚህ መንገድ የተደረገ ውይይት በታሪክዎ ውስጥ አይገባም፣ ማስታወሻ አይፈጥርም፣ ለሥልጠናም አይውልም። ለደኅንነት ሲባል ግን ቅጂው እስከ 30 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 4 ያሉትን እርምጃዎች አይተካም። ውይይቱን ከጀመሩ በኋላ መቀየር ስለማይቻል ፎቶውን ከማያያዝዎ በፊት የገጹን አናት አይተው «Temporary chat» መከፈቱን ያረጋግጡ።